ሴቭ ያደረግነውን ፖስት ባለቤቱ ያየዋል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ቁልፍ የሚረከበው ቤቱ ገና ፊኒሺንግ ሳይሠራለት ነው። ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ የኩሽና ካቢኔቱ የባለቤቱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ስልክ ላይ ካቢኔት ማየትና የወደዱትን ሴቭ ማድረግ ከቤት ሥራው አንዱ ሆኗል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይከተላል። የአንዱን ካቢኔት ሠሪ ሥራ ሴቭ ባደርግና ዋጋ የምጠይቀው ሌላውን ቢሆን፣ የመጀመሪያው ያውቅብኛል? ደግሞስ ሴቭ ባደረግኩ በማግስቱ የእሱ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ የመጣው አይቶኝ ነው?

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ኢንስታግራም ላይ የፖስቱ ባለቤት ማን ሴቭ እንዳደረገ አያይም፤ ስንት ሰው ሴቭ እንዳደረገ ግን ሊያይ ይችላል። ማስታወቂያው የመጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። የሚበዛው ማብራሪያ ኢንስታግራም ላይ ነው፤ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም የሚለዩበትን ቦታቸው ላይ እናነሳለን።

ሴቭ ሲደረግ ምንድን ነው የሚቀመጠው?

ከፎቶው በታች በቀኝ በኩል ያለችውን የዕልባት ምልክት ሲነኩ ፎቶው ወደ ስልክዎ አይገባም። ጋለሪ ውስጥ ገብተው ቢፈልጉትም አያገኙትም። የሚሆነው ኢንስታግራም በራሱ ሰርቨር ላይ፣ በእርስዎ አካውንት ሥር አንድ አጭር መስመር መመዝገቡ ነው፦ ይህ አካውንት፣ ይህን ፖስት፣ በዚህ ሰዓት።

ይህም የአንድን ሰው ቤት አድራሻ ደብተር ላይ እንደመጻፍ ነው። ብሎኩን፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን ይዘዋል፤ ቤቱን ግን አልያዙም። ሰውየው በሩን ከቆለፈ ወይም ቤቱን ከለቀቀ አድራሻው እጅዎ ላይ ቢኖርም መግባት አይችሉም።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ መንገድ አለ። ኢንስታግራም የራስን መረጃ አውርዶ ለመውሰድ ይፈቅዳል። ከሴቲንጉ ውስጥ `Accounts Center` ከዚያ `Your information and permissions` ገብተው የመረጃዎን ቅጂ `JSON` በሚባለው የፋይል ዓይነት እንዲልክልዎ ይጠይቃሉ። ሲደርስዎ `saved_posts.json` የሚባል ፋይል ያገኛሉ። አንዱ ሴቭ የተደረገ ፖስት በውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
{
  "title": "የካቢኔት ሠሪው አካውንት ስም",
  "string_map_data": {
    "Saved on": {
      "href": "https://www.instagram.com/p/...",
      "timestamp": 1735750800
    }
  }
}
```

የአካውንት ስም፣ ሊንክና ሰዓት፤ ሌላ ምንም የለም። ፎቶ የለም፣ ከፎቶው በታች የተጻፈው ዋጋም የለም። ያ ረጅም ቁጥር ኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥርበት መንገድ ሲሆን፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህ ዝርዝር የሚገኘው እርስዎ አካውንት ውስጥ ነው። የካቢኔት ሠሪው የራሱን መረጃ አውርዶ ቢከፍት እሱ ራሱ ሴቭ ያደረጋቸውን ነው የሚያገኘው፤ የእርስዎ መስመር እዚያ የለም።

ኩባንያው ራሱ ግን ሁሉንም ያውቃል። «ማንም አያየውም» ሲባል ሌላ ተጠቃሚ አያየውም ማለት እንጂ ኢንስታግራም አያውቀውም ማለት አይደለም። ስልክዎን ከፍቶ የሚገባ ሰው፣ ወይም የይለፍ ቃልዎን የሚያውቅና በሌላ ስልክ አካውንትዎን የከፈተ ሰውም ሙሉ ዝርዝሩን ያያል። እውነቱን ለመናገር በብዙ ቤት ውስጥ ሴቭ የተደረገ ነገር የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የፖስቱ ባለቤት ስልክ ላይ ምን ይታያል?

እንደ አካውንቱ ዓይነት ይለያያል። ተራ የግል አካውንት ያለው ሰው ስለ ሴቭ ምንም አያይም፤ ቁጥሩንም ጭምር። የሙያ አካውንት የሚባለው፣ ማለትም የንግድ ወይም የክሪኤተር አካውንት ግን በየፖስቱ ሥር `View insights` የሚል ጽሑፍ አለው። ወደዚህ አካውንት መቀየር ክፍያ ስለሌለው ዕቃ የሚሸጥ ሰው አብዛኛው ቀይሮታል ብሎ መገመት ይሻላል።

አንድ የካቢኔት ሠሪ የግራጫ ኤምዲኤፍ ኩሽና ፎቶ ለጠፈ እንበል። በሁለተኛው ቀን ኢንሳይቱን ሲከፍት 64 ላይክ፣ 5 ኮሜንት፣ 9 ሼር፣ 21 ሴቭ ያያል። ላይኩን ሲነካው የ64ቱ ሰዎች ስም ይዘረዘርለታል። ኮሜንቱ ስም አለው። የዕልባት ምልክቷ ጎን ያለው 21 ግን ዝም ብሎ 21 ነው፤ ቢነካውም የሚከፈት ዝርዝር የለም። ሴቭ ሲደረግ ማሳወቂያም አይደርሰውም። ቁጥሩ ከ21 ወደ 22 ሲያድግ የሚያውቀው ራሱ ገብቶ ካየ ብቻ ነው።

መገመት ግን ማን ይከለክለዋል? ገና የተከፈተ፣ ሃያ ተከታይ ያለው አካውንት ከሆነና አዲሱ ፖስት ላይ አንድ ላይክና አንድ ሴቭ ብቻ ካለ፣ ላይክ ያደረገችው ሴት ናት ሴቭም ያደረገችው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን የለውም፤ ላይክ ሳያደርጉ ሴቭ ማድረግ ይቻላልና። ተከታዩ በበዛ ቁጥር ግምቱም ዋጋ ያጣል።

«ፖስትህን ማን ሴቭ እንዳደረገ እናሳይሃለን» የሚሉ አፖች አሉ። ኢንስታግራም ይህን ስም ለማንም አሳልፎ ስለማይሰጥ አፑ ከየትም አምጥቶ ሊያሳይ አይችልም። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት የኢንስታግራም የይለፍ ቃል ነው፤ የሚፈልጉትም እሱን ነው። የሚያሳዩት ዝርዝር ላይክ ያደረጉ ወይም የሚከተሉ ሰዎች ተቀላቅለው የወጡበት ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ለምን ተከተለኝ?

«አይቶኛል» የሚለው ጥርጣሬ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የኢንስታግራም የራሱ ምርጫ ነው። ሴቭ ማድረግ ከላይክ ይልቅ ጠንከር ያለ የፍላጎት ምልክት ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ሦስት አራት ካቢኔት ሴቭ ካደረጉ በኋላ የፍለጋ ገጹ በካቢኔት ይሞላል። እዚህ ውስጥ የነጋዴው እጅ የለበትም።

ሁለተኛው ላይ ግን አለበት። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው፣ ማስታወቂያው ለማን እንዲታይ ሲመርጥ ከሚቀርቡለት አማራጮች አንዱ `People who saved any post or ad` የሚል ነው። ይህን ከመረጠ፣ የእሱን ፖስት ሴቭ ያደረጉ ሰዎች በሙሉ እንደ አንድ ቡድን ተይዘው ማስታወቂያው ይደርሳቸዋል። በቡድኑ ውስጥ ማን ማን እንዳለ አይነገረውም፤ ስም አያይም፣ ስልክ አያይም። ማስታወቂያውን የሚያደርሰው የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ነው። እርስዎ በኩል ሲታይ ግን ትናንት ማታ ሴቭ ያደረጉት ሰው ዛሬ ጠዋት «ለኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ልዩ ቅናሽ» ብሎ የመጣ ይመስላል። ድንጋጤው የሚገባ ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

እንዲህ መሆኑን የማጣራት መንገድም አለ። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው `Why you're seeing this ad` የሚለውን ይክፈቱ። ከዚያ ነጋዴ ጋር የነበረዎት ግንኙነት፣ ለምሳሌ ገጹን ማየት ወይም ከፖስቱ ጋር መነካካት፣ እንደ ምክንያት ተጠቅሶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ስሜ ሳላስበው የሚወጣው የት ነው?

ሴቭ ስም አያወጣም፤ በዙሪያው ያሉት ነገሮች ግን ያወጣሉ። በጣም የሚያጋጥመው ፎቶውን ለማጉላት ሲሞከር ጣት ሁለቴ ነክቶ ላይክ መሆኑ ነው። ላይክ ወዲያው ከነስም ይሄዳል። ቶሎ ቢያነሱት ከማሳወቂያ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ስልኩ ላይ ብቅ ያለውን መልእክት ግን አስቀድሞ አይቶት ሊሆን ይችላል። ለማጉላት ሁለት ጣት ፎቶው ላይ አሳርፎ መዘርጋት ነው፤ በአንድ ጣት ሁለቴ መንካት አይደለም።

ሌላው ስቶሪ ነው። የአንድን ሰው ስቶሪ ከከፈቱ ስምዎ ያዩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱም ዝርዝሩን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማየት ይችላል። አንዲት ሴት የሠሪውን አሥር ፖስት ሴቭ ብታደርግ ስሟ አይታይም፤ አንድ ስቶሪውን ብታይ ይታያል። ሰው የሚጠነቀቀው በተቃራኒው መሆኑ ነው የሚገርመው።

ስክሪንሹትስ? ተራ ፖስት ላይ ስክሪንሹት ቢነሳ ኢንስታግራም ለባለቤቱ አያሳውቅም። የሚያሳውቀው በግል መልእክት በተላከና አንዴ ታይቶ በሚጠፋ ፎቶ ላይ ነው።

በስብስብ ካስቀመጥኩትስ? የስብስቡን ስም ያያል?

የዕልባት ምልክቷን ጫን አድርገው ሲይዟት ፖስቱን የትኛው ስብስብ ውስጥ እንደሚያስገቡ ይጠይቅዎታል። «ኩሽና»፣ «ሴራሚክ»፣ «በር» እያሉ የፈለጉትን ስም ይሰጣሉ። በኋላ የሚገኙት ከፕሮፋይል ገጹ በላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክተው `Saved` ሲሉ ነው። ይህ ስብስብ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ባለፖስቱ ስሙንም፣ መኖሩንም አያውቅም። «በጣም ውድ» የሚል ስብስብ ውስጥ ቢከቱትም አይሰማም።

ስብስቡ ከእርስዎ ውጭ የሚሄደው ራስዎ ሲያጋሩት ነው። ስብስብ ሲፈጠር `Collaborative` የሚል ማብሪያ አለ። እሱን አብርተው ባልዎን ወይም እህትዎን ከጨመሩ፣ ሁሉም አባል የተቀመጠውን ያያል፣ ማን እንዳስቀመጠውም ይታያል፣ የራሱንም ይጨምራል። ለባልና ሚስት ካቢኔት ለመምረጥ በጣም ይጠቅማል። ችግር የሚመጣው ሰዉ የትኛው ስብስብ የጋራ እንደሆነ ሲረሳ ነው። ለእህት ልደት የታሰበ ስጦታ እህት አባል የሆነችበት ስብስብ ውስጥ ይገባና ነገሩ ያበቃል። ጥርጣሬ ካለ ስብስቡን ከፍቶ ከስሙ አጠገብ የሌላ ሰው ምስል መኖሩን ማየት ነው። እንዲህ የተጋራ ስብስብም ቢሆን ለባለፖስቱ አይታይም፤ እሱ አባል ካልሆነ በቀር።

ፌስቡክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሴቭ የተደረገው ነገር ለራስ ብቻ የሚታይ ቢሆንም፣ ስብስቦች የራሳቸው የዕይታ ምርጫ አላቸው፤ ለራስ ብቻ፣ ለተጋበዙ ሰዎች፣ ለጓደኞች ወይም ለሁሉም ተብሎ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ስብስቡን ከፍቶ በሦስቱ ነጥቦች በኩል ምርጫው ምን ላይ እንዳለ አንዴ ማየት አይከፋም። ቲክቶክም ስብስብን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በተጨማሪ የሴቭ ቁጥሩን ከቪዲዮው ጎን ለሁሉም ሰው ያሳያል፤ ኢንሳይት መክፈት አያስፈልግም።

ሴቭ ያደረግኩት ለምን ጠፋ?

አድራሻ ነው የተቀመጠው ብለናል። ባለቤቱ ፖስቱን ካጠፋው ከእርስዎ ዝርዝርም ይጠፋል፤ የሚነግርዎት መልእክትም የለም። ወደ አርካይቭ ካስገባውም አይታይም፤ ሲመልሰው ይመለሳል። አካውንቱን ተከታዮቹ ብቻ እንዲያዩት አድርጎ ከቆለፈና እርስዎ ካልተከተሉት፣ ወይም ካገደዎት ውጤቱ ያው ነው። ስሙን ብቻ ከቀየረ ግን ምንም አይሆንም፤ ኢንስታግራም ፖስቱን የሚለየው በራሱ መለያ እንጂ በአካውንቱ ስም አይደለምና።

ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ከሆነ በሴቭ ብቻ መተማመን አያዋጣም። ካቢኔቱን የሚሠራው ሰው ዘንድ ሄደው «ይህን ነው የምፈልገው» ሊሉ ሲሉ ፎቶው ላይኖር ይችላል፤ ወይም ሠሪው ያለበት ሰፈር ኔትወርክ የለም፣ ዳታውም አልቋል። ስክሪንሹት ጋለሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል። ሲያነሱት የአካውንቱ ስምና ከሥሩ የተጻፈው ልኬትና ዋጋ አብሮ እንዲገባ ያድርጉ፤ ፎቶው ብቻውን በኋላ ማን እንደሠራው አይናገርም።

ቴሌግራም ላይ ወደ ሴቭድ ሜሴጅ ስልከውስ?

ብዙ የዕቃ ቻናል ያለው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ከቻናል ወደ `Saved Messages` ፎርዋርድ ሲያደርጉ የቻናሉ ባለቤት ማን እንደላከ አያይም። የሚያየው ፖስቱ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ እንደተላለፈ የሚያሳይ ድምር ነው። ከግል ወሬ ውስጥ አንድ መልእክት ወደ ራስ ቢላክም ለሌላው ወገን የሚደርስ ማሳወቂያ የለም።

ትልቁ ልዩነት ቴሌግራም የሚያስቀምጠው አድራሻ ሳይሆን ቅጂ መሆኑ ነው። ቻናሉ ዋናውን ቢያጠፋውም የእርስዎ ቅጂ ይቆያል። ባለቤቱ ይህን ካልፈለገ ፎርዋርድ ማድረግንና ማስቀመጥን መከልከል ይችላል፤ ይህ አማራጭ ከ2021 መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ አለ። ያኔ የፎርዋርድ ምልክቱ አይሠራም፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪንሹትም አይነሳም።

ቅጂ መሆኑ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ዋናው ሲታረም ቅጂው አይታረምም። አንድ ነጋዴ በጥቅምት ኢንስታግራምም ቴሌግራም ቻናሉም ላይ የካቢኔቱን የካሬ ዋጋ ጽፎ፣ በጥር ያንኑ ፖስት ኤዲት አድርጎ ዋጋውን ቢጨምር፣ ኢንስታግራም ላይ ሴቭ ያደረገ ሰው ሲከፍተው የጥር ወሩን ዋጋ ያነባል፤ ቴሌግራም ላይ ወደ ራሱ የላከው ደግሞ የጥቅምቱን ይዞ ሱቅ ይደርሳል። ከመውጣትዎ በፊት ቅጂው ላይ ከላይ የተጻፈውን የቻናሉን ስም ነክተው ወደ ዋናው ፖስት ይሂዱና ከሰዓቱ አጠገብ `edited` የሚል ካለ ያለውን ዋጋ ከዚያው ይውሰዱ።